ላልተቀጠረችው የሂሳብ ሠራተኛ የሚጻፍ ደብዳቤ

ከሥራ ማስታወቂያዎች ግርጌ «ለተመረጡት ብቻ ይደወላል» የሚል መስመር ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ቢወጣ፣ ቴሌግራም ላይ ቢለቀቅ ወይም የድርጅቱ በር ላይ ቢለጠፍ ያው ነው። ማመልከቻ ብቻ ላስገባ ሰው መስመሩ ይበቃ ይሆናል። ፈተና ተቀምጣ፣ ቃለ መጠይቅ ቀርባ፣ በመጨረሻ «እንደውልልሻለን» ተብላ ለተሸኘች ወጣት ግን አይበቃም። የመጀመሪያውን ሳምንት ስልኳን ከእጇ ሳትለይ ትጠብቃለች። በሁለተኛው ሳምንት እዚህ ይጠሩኝ ይሆናል ብላ ሌላ ቦታ ለመወዳደር ታመነታለች። በሦስተኛው ሳምንት እንዳልተመረጠች ይገባታል፤ ለምን እንደሆነ ግን የሚነግራት የለም። ምክንያቱን ራሷ ትፈልግለታለች፣ ብዙ ጊዜ የምታገኘውም አንድ ነው፦ «ሰው ያለው ገብቷል።»

ይህ ግምት እውነት የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ። በእውነተኛ ፈተና በቀጠረ ድርጅት ላይ ሲወድቅ ግን ሁለት ሰው ይጎዳል። ድርጅቱ በዘመድ ከሚቀጥረው ጎረቤቱ ተለይቶ የሚታይበት መንገድ ያጣል። ተፈታኟም መቀነስ የነበረባትን ቁጥር መደመሯን ሳታውቅ ትሄዳለች፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ቢሮ ተቀምጣ ያንኑ ቁጥር እንደገና ትደምረዋለች። ሁለቱንም ጉዳት ለመከላከል አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል። ያ ገጽ ምን ይዞ ምን እንደሚተው ማወቅ ግን ከሚታሰበው በላይ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አሥራ አራት ሠራተኞች ያሉት የአዲስ አበባ ማተሚያ ቤት አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ፈለገ እንበል። የማስታወቂያው መስፈርት በአካውንቲንግ ዲግሪ ሲሆን የሥራ ልምዱ «ዜሮ ዓመት» ተብሏል። አርባ ሦስት ሰው አመለከተ። ስድስቱ ተጠርተው የአንድ ሰዓት ተኩል የጽሑፍ ፈተና ወሰዱ፤ ከዚያ በኮምፒውተር አጭር የተግባር ሥራ ሠሩ፤ በመጨረሻ ከሥራ አስኪያጁና ከነባሯ የሂሳብ ሠራተኛ ጋር ሃያ ሃያ ደቂቃ ተነጋገሩ። አንዱ ተቀጠረ። አምስቱ አልተቀጠሩም። እኛ የምንከተለው ከአምስቱ የአንዷን ደብዳቤ ነው።

ደብዳቤው የሚጀመረው ከመጻፉ ቀድሞ፣ ፈተናው በሚታረምበት ሰዓት ነው። ብዙ ድርጅቶች ላልተመረጠ ሰው አስተያየት መስጠት የሚያቅታቸው ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ከአሥር ቀን በኋላ የሚያስታውሱት «ጥሩ ነበረች፣ ግን…» የሚል ስሜት ብቻ ስለሚቀራቸው ነው። ከስሜት ደግሞ ደብዳቤ አይወጣም፤ ቢወጣም «የበለጠ ጥረት ቢያደርጉ» የሚል ባዶ ምክር ይሆናል። ስለዚህ ነባሯ የሂሳብ ሠራተኛ ፈተናውን ስታርም በእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ሦስት አራት መስመር ብትጽፍ ይበቃል፦ ምን ተጠየቀ፣ ምን ተመለሰ፣ ልዩነቱ የቱ ላይ ነው። ማስታወሻው የተፈታኟን ጠባይ መግለጽ የለበትም። ፈተናው ላይ የታየውን ሥራ ብቻ መያዝ አለበት።

በምሳሌያችን ወረቀት ጀርባ አምስት ነገር ተጽፎ ነበር እንበል። አንደኛው፣ የደመወዝ ዝግጅቱን ያለ ስህተት ሠርታለች። ሁለተኛው፣ የባንክ ሂሳብ ማስታረቁ ላይ ገና ያልተመነዘረውን ቼክ ደምራለች። ሦስተኛው፣ ሲቪዋ ላይ ፒችትሪ በጣም ጥሩ ትላለች፤ የግዢ ደረሰኝ መዝግቢ ስትባል ግን አልቻለችም። አራተኛው፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። አምስተኛው፣ ሩብ ሰዓት ዘግይታ መጣች።

ከእነዚህ አምስቱ ደብዳቤው ውስጥ የሚገባው የትኛው ነው? እዚህ ላይ ብዙ ደብዳቤ ይበላሻል። ጸሐፊው ሐቀኛ ለመሆን ብሎ ሁሉንም ይዘረዝራል፤ ተቀባይዋም ራሷን ስትከሰስ ታገኘዋለች። ወይም ይሉኝታ ይይዘውና ሁሉንም ይተዋል። መለያው ሦስት ጥያቄ ነው፦ ነገሩ ውሳኔው ላይ ለውጥ አምጥቷል? በወረቀት ወይም በሥራ የታየ ማስረጃ አለው? እሷ ልታስተካክለው ትችላለች?

ዝቅ ያለ ድምፅ ለሂሳብ ሠራተኛ ሥራ እንቅፋት አይደለም፤ ውሳኔውንም አልለወጠም። ይወጣል። ከነጭራሹ ማስታወሻው ላይ መጻፍም አልነበረበትም። መዘግየቷ ነጥብ አላስቀነሰባትም፤ ፈታኞቹ ጠብቀው ሙሉ ሰዓቷን ሰጥተዋታል። ስለዚህ እሱም ይወጣል። ነጥብ አስቀንሶባት ቢሆን ኖሮ ግን መደበቅ አይገባም ነበር፤ ውሳኔውን የለወጠን ነገር ትቶ ሌላ ሰበብ መጻፍ ውሸት ነው። የቀሩት ሦስቱ ይገባሉ። ዋናው ቼኩ ነው፣ ፒችትሪው ይከተላል፣ የደመወዝ ዝግጅቱ ደግሞ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው።

አሁን በየቢሮው የተለመደውን ደብዳቤ እንመልከት። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ላይ «ድርጅታችን ባወጣው የሥራ ማስታወቂያ መሠረት መወዳደርዎ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ለቦታው የሚጠበቀውን መስፈርት ባለማሟላትዎ ያልተመረጡ መሆኑን እየገለጽን፣ ወደፊት ክፍት የሥራ ቦታ ሲኖር የምንጠራዎት መሆኑን እናሳውቃለን» ተብሎ ይጻፋል። ጨዋ ይመስላል። መልስ ስለሆነም ከዝምታ ይሻላል። ነገር ግን ውስጡ ሦስት ጉድለት አለ።

«መስፈርቱን አላሟሉም» የሚለው እውነት አይደለም። መስፈርቱ ዲግሪና ዜሮ ዓመት ነበር፤ እሱን ባታሟላ ኖሮ ከአርባ ሦስቱ ተለይታ ለፈተና ባልተጠራች ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ዲግሪዋን እንድትጠራጠር ያደርጋታል እንጂ የተሳሳተችበትን አይነግራትም። ሁለተኛ፣ «ወደፊት እንጠራዎታለን» የሚለው ቃል ኪዳን ነው። ድርጅቱ የሷን ማመልከቻ ለይቶ የሚያስቀምጥበት ፋይል ከሌለው፣ ጨዋነት የለበሰ ሐሰት ይሆናል። ያቺ ወጣት ግን ቃሉን አምና ለወራት ልትጠብቅ ትችላለች። ሦስተኛ፣ ደብዳቤውን ስሙን ቀይሮ ለአምስቱም መላክ ይቻላል። አንድ አስተያየት ዋጋ ይኑረው አይኑረው የሚለየው በዚህ ነው፦ ለሌላ ተወዳዳሪ ቢላክም የሚያስኬድ ከሆነ ለማንም አልተጻፈም።

በሌላው ጫፍ ያለው ደግሞ ከይሉኝታ የሚመጣው ደብዳቤ ነው። «እጅግ ጎበዝ ነዎት፣ ከቦታው በላይ ነዎት፣ ሁላችንም ወደንዎት ነበር፣ ምን ያደርጋል…» እያለ በሦስት አንቀጽ ያወድሳትና መጨረሻ ላይ አልመረጥንዎትም ይላል። አንባቢዋ እስከ መጨረሻው የተቀጠረች ይመስላታል። ስለዚህ ውሳኔው ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ማለፍ የለበትም። ምስጋና በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀድማል፣ ውሳኔው ወዲያው ይከተላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አስተያየት በረጋ ልብ ልታነበው የምትችለው ውሳኔውን ካወቀች ብቻ ነው።

የማተሚያ ቤቱ ደብዳቤ እንግዲህ ይህን ይመስላል፦

«ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወ/ሪት ……………

ጉዳዩ፦ ለሂሳብ ሠራተኛ ቦታ ያደረጉትን ውድድር ይመለከታል

ጥቅምት 7 ቀን ማተሚያ ቤታችን ድረስ መጥተው ፈተና ስለወሰዱና ስላነጋገሩን እናመሰግናለን። ለቦታው ሌላ ተወዳዳሪ መርጠናል፤ ቅጥሩም ተፈጽሟል። ግማሽ ቀን ሰጥተውናልና ከፈተናዎ ላይ ያየነውን ልንጽፍልዎት ወደድን።

የደመወዝ ዝግጅቱን ጥያቄ ያለ ስህተት ሠርተዋል። 12,000 ብር መሠረታዊ ደመወዝና 2,000 ብር የትራንስፖርት አበል ላለው ሠራተኛ፣ የጡረታ መዋጮውን በመሠረታዊ ደመወዙ ላይ ብቻ አስልተው ከሠራተኛው 840፣ ከአሠሪው 1,320 ብር አድርገዋል። አበሉን ለይተው መተውዎ ጥያቄውን በጥንቃቄ እንዳነበቡ አሳይቶናል።

ለውሳኔያችን ዋናው ምክንያት የባንክ ሂሳብ ማስታረቁ ነው። የባንኩ ስቴትመንት 214,300 ብር ያሳያል። ተጽፎ ለባለገንዘቡ የተሰጠ፣ ግን ባንክ ያልቀረበ የ18,500 ብር ቼክ ነበር። ባንኩ ስለዚህ ቼክ ገና ስለማያውቅ ገንዘቡ ከስቴትመንቱ ላይ መቀነስ ነበረበት፤ እርስዎ ደምረውታል። በዚህ ምክንያት 195,800 ብር መምጣት ሲገባው 232,800 ብር መጥቶ ከመዝገቡ ጋር በ37,000 ብር ተለያየ። ወደፊት እንዲህ ያለ ልዩነት ሲገጥምዎ ለሁለት ያካፍሉት። የሚመጣው ቁጥር ከሰነዶቹ የአንዱ መጠን ከሆነ፣ መቀነስ የነበረበት ተደምሮ ወይም መደመር የነበረበት ተቀንሶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ያን ሰነድ ይመልከቱ። የሥራችን መጠን አነስተኛ በመሆኑ ይህን ሥራ ከመጀመሪያው ወር አንስቶ ብቻውን የሚሠራ ሰው ያስፈልገን ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ሲቪዎን ይመለከታል። ፒችትሪን «በጣም ጥሩ» ብለው ጽፈዋል፤ በተግባር ሥራው ላይ ግን የግዢ ደረሰኝ መመዝገብ አስቸግሮዎታል። ለዜሮ ዓመት ቦታ ፕሮግራሙን ጠንቅቆ ማወቅን አልጠበቅንም። ሲቪው ላይ የት እንደተማሩትና በእጅዎ ምን ምን እንደሠሩበት ቢጽፉ ፈታኙ ከሚችሉት ላይ ተነሥቶ ይጠይቅዎታል።

የትምህርት ማስረጃዎን ኮፒ እስከ ኅዳር 30 ቀን ድረስ በሥራ ሰዓት መጥተው መውሰድ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ እናስወግደዋለን።

ከሰላምታ ጋር»

ከሰላምታው በታች የሥራ አስኪያጁ ስምና ፊርማ ይሆናል። ማኅተም ቢያርፍበት መልካም ነው፤ ዋናው ግን የሰው ስም መኖሩ ነው። «የሰው ኃይል አስተዳደር» የሚል ክፍል የሌለው ባለ አሥራ አራት ሠራተኛ ድርጅት ክፍል እንዳለው አስመስሎ መፈረም የለበትም።

ደብዳቤው ውስጥ ጥቂት ነገሮችን ልብ በሉ። ስለተቀጠረው ሰው ከ«ሌላ ተወዳዳሪ» በቀር ምንም አልተነገረም። «ከእርስዎ የተሻለ» አልተባለም፤ ውጤቱም፣ የተማረበት ዩኒቨርሲቲም አልተጠቀሰም። የሌላ ሰው መረጃ ነውና ለሷ የሚሰጥ አይደለም፤ ለሷም የሚጠቅማት የራሷ ወረቀት ነው። አጻጻፉ ደግሞ «እርስዎ» እያለ ነው። ሥራ አስኪያጁ ቃለ መጠይቁ ላይ እንደ ታናሽ እህቱ ቆጥሮ «አንቺ» ብሏት ሊሆን ይችላል። ወረቀት ላይ ግን ዕድሜዋ ሃያ ሁለትም ቢሆን አክብሮት ይገባታል። እምቢታን በ«አንቺ» መቀበል በጣም ይከብዳል።

ስለ ቼኩ የተጻፈው አንቀጽ ከሁሉ የረዘመ የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ሥራ ፈላጊዋ በሌላ መንገድ የማታገኘው እሱን ነው። «በባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ላይ ድክመት ታይቶብዎታል» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ያኔ ግን አንድ ሙሉ የትምህርት ምዕራፍ እንደገና ልታነብ ነው። ቁጥሮቹ ሲጻፉላት ስህተቱ የአንድ ምልክት ብቻ መሆኑን ታያለች። ልዩነቱን ለሁለት የማካፈሉን ዘዴ ልምድ ያላቸው የሂሳብ ሠራተኞች ሁሉ ያውቁታል፤ ገና ከትምህርት የወጣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሰምቶት አያውቅም። የነባሯ ሠራተኛ የዓመታት ልምድ በሁለት ዓረፍተ ነገር ወደ ሌላ ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። የማይሠራበትም ጊዜ አለ፦ ሁለት ስህተት በአንድነት ሲኖር፣ ወይም የረሳነው ሰነድ ሲኖር ግማሹ ቁጥር የትኛውንም ሰነድ አይመስልም። ለዚህ ነው ደብዳቤው «ሊሆን ይችላል» ያለው።

ምስጋናውም እንደ ነቀፌታው በቁጥር ተጽፏል። «ጎበዝ ነዎት» የሚለው ሲነበብ የማጽናኛ ቃል ስለሚመስል ማንም አያምነውም። 840 ብር የሚለው ግን ወረቀቷን ከፍቶ ያየ ሰው መኖሩን ያረጋግጥላታል። በእኔ እምነት ከደብዳቤው ሁሉ «ሰው ያለው ገብቷል» የሚለውን ጥርጣሬ የሚያነሳው ይህ ነው። በዘመድ የሚቀጥር ድርጅት የተፈታኝን ወረቀት እስከዚህ ድረስ አያነብም።

አንዳንድ ጊዜ ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ስህተት ሳይኖር ሲቀር ነው። ከአምስቱ አንዱ ፈተናውን በሙሉ ሠርቶ፣ በቃለ መጠይቁም ጥሩ ሆኖ፣ የተቀጠረው ሰው የወረቀትና የቀለም ክምችት መዝገብ ይዞ ስለሚያውቅ ብቻ ተበልጦ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ጥፋት መፍጠር አያስፈልግም። አሠሪዎች «አስተያየት እንስጥ» ብለው ከተነሡ በኋላ ባዶ እጅ ላለመሆን ጥቃቅን ነገር ሲለቅሙ ይታያሉ፤ ይህ ጤነኛውን ሰው መድኃኒት ማጠጣት ነው። «ሁለት ሰው ቢያስፈልገን ሁለተኛው እርስዎ ነበሩ። ልዩነቱ የክምችት መዝገብ ልምድ ነው፤ በማስታወቂያችን ላይ አልጠየቅነውም፣ ስላገኘነው ግን መረጥነው» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ይህ ዓረፍተ ነገር ለድርጅቱም ይጠቅማል፦ በሚቀጥለው ማስታወቂያ የክምችት ልምድ ተመራጭ መሆኑን አስቀድሞ መጻፍ እንዳለበት ያስታውሰዋል።

ደብዳቤው ሊሸከመው የማይችለው ምክንያትም አለ። «ቤቷ ሩቅ ነው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት አትደርስም»፣ «በቅርቡ ትወልድ ይሆናል»፣ «አነጋገሯ የኛን ደንበኞች አይመስልም» የሚሉ ነገሮች በቢሮ ውስጥ ሲባሉ ይሰማል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። እንዲህ ያለውን ምክንያት በጨዋ ቃል ለመጻፍ የሚሞክር ሰው ችግሩ ያለው ደብዳቤው ላይ ሳይሆን ውሳኔው ላይ ነው። ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ውጤት ወረቀቶቹ መመለስ አለበት። ስለ ርቀቱ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፤ የመግቢያ ሰዓቱን ማስታወቂያው ላይ ጽፎ፣ መድረስ መቻሏን እሷኑ መጠየቅ ነው። እኔ አሠሪ ብሆን ሁሉንም ደብዳቤዎች ውሳኔውን ከማጽደቄ በፊት ነበር የማረቅቃቸው። ለመጻፍ የሚያሳፍር ምክንያት ያኔ ብቅ ይላል፣ ለማረምም ጊዜ ይኖራል።

የሚላክበት ጊዜም ይታሰብበት። የተመረጠው ሰው ውሉን ሳይፈርም ለሌሎቹ መጻፍ አደጋ አለው፤ እሱ በመጨረሻው ሰዓት ሌላ ቦታ ቢገባ፣ «አልመረጥንዎትም» የተባለችው ወጣት እንደገና ልትጠራ ነው። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ግን ሁለት ሦስት ቀን መቆየት የለበትም። ፈተናው ሲያልቅም «እንደውልልሻለን» ከማለት «መልሱን እስከ ጥቅምት 20 በጽሑፍ ትሰሚያለሽ፣ ብትመረጪም ባትመረጪም» ማለት ይሻላል። ቀኑ ከተራዘመም በአንድ መስመር ማሳወቅ ነው።

በስልክ መንገር እንደ አክብሮት የሚታይበት ጊዜ አለ፤ እኔ ግን ለዚህ ጉዳይ አልመክረውም። ሥራ ፈላጊ ሰው የማያውቀው ቁጥር ሲደውል የምሥራች ይመስለዋል፤ ታክሲ ውስጥ ሆኖ፣ ሰው እየሰማው እምቢታ ይቀበላል። ስለ 18,500 ብሩ ቼክ በስልክ ቢነገራት ደግሞ ከድንጋጤዋ የተነሣ አትሰማውም። በጽሑፍ ሲሆን ማታ ቤቷ፣ ወይም ከሳምንት በኋላ ሲበርድላት ልታነበው ትችላለች። ኢሜይሏን አዘውትራ የማትከፍት ከሆነ ደብዳቤውን በፒዲኤፍ አድርጎ በቴሌግራም መላክ ምንም ነውር የለበትም፤ ከድርጅቱ ስልክ ይሁን እንጂ ከሥራ አስኪያጁ የግል ቁጥር ባይሆን ይመረጣል።

ለፈተና ያልተጠሩት ሠላሳ ሰባት ሰዎችስ? እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለሁሉም መጻፍ ትንሽ ድርጅት አይችልም፤ ሥራቸውን ስላላየም ሊል የሚችለው ብዙ የለም። አጭር የስልክ መልእክት ይበቃቸዋል፦ «ለሂሳብ ሠራተኛ ቦታ ስላመለከቱ እናመሰግናለን። ከ43 አመልካቾች 6 ሰው ለፈተና ጠርተናል፤ እርስዎ ከተጠሩት ውስጥ አይደሉም። ቦታው ተሞልቷል።» ቁጥሩ መኖሩ ደግ ነው፤ ከስንት ሰው ጋር እንደተወዳደሩ ያውቃሉ። ብዙዎቹ በአንድ ምክንያት ወድቀው ከሆነ፣ ለምሳሌ የትምህርት ማስረጃ ሳያያይዙ ቀርተው ከሆነ፣ ያንን አንድ መስመር ለእነሱ መጨመር ይቻላል። ለአምስቱ ተፈታኞች የሚጻፈው ደብዳቤ ግን ማስታወሻው ቀድሞ ከተያዘ እያንዳንዱ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ሁሉም በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

አሠሪዎች ይህን ሁሉ ሲሰሙ የሚያነሡት ፍርሃት አለ፦ «ምክንያቱን ከነገርናት ልትከራከረን ነው።» አንዳንዷ ትከራከራለች። ምሳሌያችን ላይ ያለችው ወጣት «ቼኩ ስቴትመንቱ ላይ ወጥቷል ብዬ ነው፣ ወረቀቴን ማየት እፈልጋለሁ» ብላ ብትጽፍ፣ ወረቀቷን ማሳየት ተገቢ ነው። እርማቱ ትክክል ከሆነ ስታየው ነገሩ ይበርዳል። ፈታኟ ተሳስታ ከሆነ ደግሞ ድርጅቱ ስህተቱን በጽሑፍ ማመንና ውጤቷን ማስተካከል አለበት፤ ቦታው ቢሞላ እንኳ ነጥቧ የሷ ነው። «እንደገና ፈትኑኝ» ካለች ግን መልሱ አንድ ነው፦ ውድድሩ ተዘግቷል። ይህን አንድ ጊዜ በትሕትና ጽፎ ማቆም ይቻላል። ክርክር የሚበዛው ምክንያቱ ግልጽ ባልሆነበት ቦታ ነው፤ «ለቡድናችን አይመጥኑም» ለሚል ቃል መቶ መልስ መስጠት ይቻላል፣ ለ214,300 ሲደመር 18,500 ግን አይቻልም።

የቀረው የወረቀቱ ጉዳይ ነው። የአርባ ሦስት ሰው የዲግሪ ኮፒ፣ ፎቶግራፍ፣ አንዳንዴም መታወቂያ መሳቢያ ውስጥ ተከምሮ መኖር የለበትም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ለቅጥር ተብሎ የተሰበሰበ መረጃ ያለ ምክንያት ማቆየት የአሠሪው ምርጫ ብቻ አይደለም። ደብዳቤው ላይ የመውሰጃ ቀን የተቆረጠው ለዚህ ነው። ወረቀቷ እንዲቆይ የተፈለገች ካለች ፈቃዷን መጠየቅና የሚቆይበትን ጊዜ መንገር ይገባል። እንዲህ ለማድረግ በቂ ምክንያት የሚኖረውም አለ፦ በአዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ አዲሱ ተቀጣሪ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊለቅ ወይም ሊሰናበት ይችላል። ያኔ አዲስ ማስታወቂያ ከማውጣት በፊት «ሁለተኛው እርስዎ ነበሩ» ለተባለው ሰው መደወል ይቀድማል። ሲደወል መጀመሪያ የሚጠየቀው ሥራ መያዝ አለመያዙ ነው።